በሰማያዊ እስክሪብቶ ምልክት የተደረገባት የክፍያ ሰሌዳ

በግንቦት 2010 ዓ.ም. አንድ ጠዋት፣ በአዲስ አበባ በምሠራበት የግል ባንክ ቅርንጫፍ፣ የዳቦ ቤት ባለቤት የሆኑ ደንበኛችን በላስቲክ ከረጢት የያዙትን ወረቀት አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጉት። ወረቀቱ ከዓመት ከመንፈቅ በፊት፣ ለዳቦ መጋገሪያና ለሊጥ ማቡኪያ ማሽን የወሰዱት ብድር ሲለቀቅ እኔው አትሜ የሰጠኋቸው የክፍያ ሰሌዳ ነበር። ከፍለው በጨረሱት በእያንዳንዱ ወር ፊት ለፊት በሰማያዊ እስክሪብቶ ምልክት አድርገዋል፤ ምልክቱ 18 ደርሷል። በሰሌዳው መሠረት ቀሪ ዕዳቸው 1,538,000 ብር ገደማ መሆን ሲገባው፣ ከመስኮት የተሰጣቸው መግለጫ ግን ከ1,563,000 ብር በላይ ይላል።

«ልጄ፣ አንድም ወር አላሳለፍኩም። ይህ 25 ሺህ ብር ከየት መጣ?» አሉኝ።

መጀመሪያ ያሰብኩት መስኮት ላይ ስህተት ተፈጥሯል ብዬ ነበር። የሒሳብ እንቅስቃሴያቸውን ከፍቼ ወር በወር ስመለከት ግን ስህተቱ ከእኔ ጠረጴዛ መነሣቱን አወቅሁ።

ብድሩ 2,000,000 ብር፣ የመክፈያ ጊዜው 5 ዓመት፣ ወለዱ በዓመት 14 በመቶ ነበር፤ ወርሃዊ ክፍያው 46,536 ብር ይሆናል። ደንበኛዋ 12ኛውን ክፍያ በፈጸሙበት በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ ብርን በ15 በመቶ ሲያዳክም የቁጠባ ዝቅተኛ ወለድንም ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ አደረገ። ብዙም ሳይቆይ ከዋናው መሥሪያ ቤታችን ሰርኩላር ደረሰን፤ የእርሳቸው ዓይነት ብድሮች ከኅዳር ጀምሮ በ17 በመቶ እንዲሰሉ ታዘዘ። አዲሱን ምጣኔ ሲስተሙ ላይ ያስገባሁት እኔ ነኝ። ሆኖም ክፍያው ከተንቀሳቃሽ ሒሳባቸው በየወሩ እንዲቆረጥ የተሰጠው ቋሚ ትዕዛዝ 46,536 የሚል የተጻፈ ቁጥር እንጂ ከወለዱ ጋር አብሮ የሚንቀሳቀስ አልነበረም፤ እርሱን ሳልነካው ቀረሁ፣ ደብዳቤም አልጻፍኩላቸውም።

በዚህ ዓይነት ሁኔታ ተበዳሪው ምንም ነገር አይታየውም፤ የሚቆረጥበት ገንዘብ ያው ነውና። ለውጡ በክፍያው ውስጥ ነው። በኅዳር መጀመሪያ ዕዳቸው 1,703,000 ብር ያህል ነበር። በ14 በመቶ ቢሆን ከዚያ ወር ክፍያ 19,870 ብር ያህሉ ለወለድ፣ 26,670 ብር ያህሉ ለዋናው ብድር ይውል ነበር። በ17 በመቶ ግን ወለዱ 24,130 ብር ገደማ ደረሰ፤ ሲስተሙ ቅድሚያ ለወለድ ስለሚወስድ ለዋናው ብድር የተረፈው 22,410 ብር ብቻ ሆነ። ይህ ለ6 ወራት ተደጋገመ። እስከ መጨረሻው ሳይታወቅ ቢቀጥል ኖሮ፣ ደንበኛዋ 60ኛውን ምልክት አድርገው የመያዣ ቤታቸውን ካርታ ሊረከቡ ሲመጡ 177,000 ብር ገደማ ዕዳ ይጠብቃቸው ነበር።

ውሉን ከማኅደሩ አውጥቼ አብረን አነበብነው። «ቋሚ» የሚል ቃል የትም የለበትም። እርሳቸው ግን ቋሚ ወለድ የተበደሩ የመሰላቸው ያለ ምክንያት አይደለም፤ 60 ረድፍ ያለው፣ በየረድፉ አንድ ዓይነት ቁጥር የታተመበት ወረቀት የሰጠኋቸው እኔ ነኝ። ባንኩ የወለድ ምጣኔውን በማናቸውም ጊዜ ሊለውጥ እንደሚችል የሚገልጸው አንቀጽ ደግሞ በሦስተኛው ገጽ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው።

ሥራ አስኪያጃችን ተጠርተው ሲመጡ የባንኩን ጉዳይ አስረዷቸው። የምናበድረው ገንዘብ የአስቀማጮች ነው፤ አስቀማጩ ዛሬ አስገብቶ ነገ ሊያወጣው ይችላል፣ ወለዱም ብሔራዊ ባንክ ከወሰነው ዝቅ ሊል አይችልም። ብድሩ ግን ለ5 ዓመት ወጥቷል። የብድሩ ወለድ በቋሚነት ቢታሰር፣ የቁጠባ ወለድ በጨመረ ቁጥር ልዩነቱን የሚሸከመው ባንኩ ይሆናል። ሥራ አስኪያጁ ያልጠቀሱት፣ እኔ ግን ያን ጊዜ በልቤ ያሰብኩት ነገር ቢኖር፣ የግል ባንኮች ያን ስጋት ከራሳቸው ገበታ የሚያውቁት መሆኑን ነው። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ከሚሰጡት ብድር 27 በመቶ በሚሆን መጠን የብሔራዊ ባንክን የ5 ዓመት የዕዳ ሰነድ በ3 በመቶ ወለድ እንዲገዙ ይገደዱ ነበር። የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ ሲገባ፣ በ3 በመቶ የተገዛ ሰነድ የያዘ ባንክ ቋሚ ወለድ ያበደረ ሰው የሚደርስበት ሁሉ ደርሶበታል። እኛ በብሔራዊ ባንክ ፊት የተሸከምነውን፣ በዳቦ ቤቷ ባለቤት ፊት ለመሸከም ፈቃደኛ አልነበርንም።

ደንበኛዋ በጸጥታ ካዳመጡ በኋላ፣ «እሺ፣ የቁጠባው የጨመረው 2 ነው፤ የእኔ ለምን 3 ጨመረ? ደግሞስ የቁጠባው ቢወርድ የእኔ ይወርዳል?» ብለው ጠየቁ።

ለሁለቱም ጥያቄዎች ውሉ ውስጥ መልስ አልነበረም። ተለዋዋጭ ወለድ ስንል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አንድ ስም ሰጥተን እየጠራን መሆኑን የተረዳሁት ያን ዕለት ነው። በአሜሪካ ተለዋዋጭ የቤት ብድር የወሰደ ሰው፣ በይፋ በሚታተም መለኪያ ላይ በውሉ የተወሰነ ጭማሪ ተደርጎ ወለዱ ይሰላለታል፤ በአንድ ጊዜና በጠቅላላው ምን ያህል ሊጨምር እንደሚችልም ጣሪያ ይቀመጥለታል። መለኪያው ሲወርድ የእርሱም ይወርዳል። እንዲህ ያለው ተበዳሪ የገበያውን ስጋት ተሸክሟል። የእኛ ደንበኛ ግን ከገበያው ስጋት በላይ የአበዳሪውን ውሳኔም ጭምር ተሸክመዋል፤ ውሉ ለመጨመር ሥልጣን ይሰጣል እንጂ ለመቀነስ አያስገድድምና። ብሔራዊ ባንክ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. 15 በመቶ የሆነ የፖሊሲ ወለድ ይፋ ካደረገ ወዲህ ውል ሊታሰርበት የሚችል አንድ የታወቀ ቁጥር አለ፤ በ2010 ዓ.ም. ግን ያም አልነበረም።

የቀረው ስህተቱን ማረም ነበር። በኅዳር አስታውቄያቸው ቢሆን ኖሮ፣ ብድሩን በጊዜው ለመጨረስ ወርሃዊ ክፍያው ወደ 49,140 ብር ከፍ ማለት ነበረበት። 6 ወር ስላለፈ አሁን 49,650 ብር ገደማ ይጠይቃል፤ ቀሪዎቹን 42 ወራት በየወሩ የሚከፈለው 510 ብር ያህል ልዩነት የእኔ ዝምታ ዋጋ ነው። ሁለተኛው መንገድ ክፍያውን ሳይነኩ ጊዜውን በ4 ወር ማራዘም ነበር። ደንበኛዋ የዱቄት ዋጋ መጨመሩን አንሥተው ሁለተኛውን መረጡ። እኔም የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተቀበልኩ፤ ይገባኝ ነበር።

በቀጣዩ ዓመት ለማከፋፈያ መኪና ሲበደሩ ውሉን እቤታቸው ወስደው አንብበው መጡ። ቋሚ ወለድ ጠየቁ፤ ባንኩ እንደማይሰጥ ተነገራቸው። ጣሪያ ጠየቁ፤ የብድር ኮሚቴው አልተቀበለም። በመጨረሻ፣ ወለዱ ሲለወጥ ባንኩ ከ30 ቀን በፊት በጽሑፍ እንዲያሳውቅና በዚያ ጊዜ ውስጥ ዕዳቸውን አጠቃለው ለመክፈል ቢፈልጉ ያለ ቅጣት እንዲፈቀድላቸው የሚል አንቀጽ እንዲገባ ጠየቁ። ኮሚቴው ይህንን ፈቀደ። ሰሌዳውን አትሜ ከመስጠቴ በፊት፣ ከ60ዎቹ ረድፎች በላይ «ይህ ስሌት የሚሠራው ወለዱ እስካልተለወጠ ድረስ ብቻ ነው» ብዬ በእጄ ጻፍኩበት። አንብበው፣ በእኔው እስክሪብቶ ከሥሩ አሰመሩበት።