አባዬን የግፊት ደብተር እንዴት እንዳስያዝኩት

አባዬ የደም ግፊት ካለበት ቆይቷል። መድኃኒቱ ቤት ውስጥ አለ፣ መለኪያ ማሽኑም አለ፣ እኔ ከውጭ ስደውል ግን ሁሌ የማገኘው መልስ «ደህና ነኝ፣ አታስቢ» ብቻ ነው። ሐኪሙ ጋር ሲሄድ ግፊቱ አንዴ ወርዶ አንዴ ወጥቶ ይገኛል፣ ሐኪሙ «ቤት ስንት ነው?» ሲለው ደግሞ «ጥሩ ነው» ይላል፣ በዚህ እንዴት አድርጎ መድኃኒት ያስተካክልለት? በስልክ የነገርኩት ነገር በማግስቱ ስለሚጠፋ ደብዳቤ ጻፍኩለት፣ በትልልቅ ፊደል፣ እህቴ ፕሪንት አድርጋ ማሽኑ የሚቀመጥበት ጠረጴዛ ላይ ለጠፈችለት።

የመጀመሪያው ገጽ አለካክ ብቻ ነበር፦

«አባዬ፣ ጠዋት ተነስተህ ሽንት ቤት ደርሰህ ስትመለስ፣ ቡናም ኪኒንም ሳትቀምስ ወንበር ላይ ተቀመጥ። ጀርባህን አስደግፍ፣ ሁለቱም እግርህ መሬት ይርገጥ፣ አታነባብር። አምስት ደቂቃ ዝም ብለህ ቆይ፣ ስልክም የለም። እጅጌህን አውልቀህ ጨርቁን ባዶ ክንድህ ላይ እሰረው፣ ከክርንህ መታጠፊያ ሁለት ጣት ያህል ከፍ ብሎ። ክንድህን ጠረጴዛው ላይ አሳርፈው፣ ጨርቁ ከልብህ ትክክል ይሁን። ማሽኑ ሲነፋ አታውራ። አንድ ደቂቃ ቆይና ድገመው። ሁለቱንም ጻፍ፣ ያማረውን መርጠህ አይደለም፣ ሁለቱንም። ማታ ከመተኛትህ በፊትም እንደዚሁ።»

ይሄ ሁሉ ዝርዝር ለምን አስፈለገ የሚል ካለ፣ በቪዲዮ ኮል ለካልኝ ብዬው ያየሁትን ልንገራችሁ። አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ ክንዱን ጭኑ ላይ ጥሎ፣ ጨርቁን ሹራቡ ላይ አስሮ፣ ማሽኑ እየነፋ እኔን ስለ ስራዬ ይጠይቀኛል። 158/94 አለ። እንደ ደብዳቤው አስተካክሎ ትንሽ አርፎ ሲለካ 147/89 ሆነ። ክንድ ከልብ በታች ሲወርድ ቁጥሩ ይጨምራል፣ ማውራትም ይጨምራል፣ እግር ማነባበርም እንደዛው፣ እነዚህ ሲደማመሩ አንድ ሰው ያለ ምክንያት መድኃኒት ሊጨመርበት ይችላል። ጨርቁንም እዩት፣ ለስንት ሴንቲ ሜትር ክንድ እንደሆነ ራሱ ላይ ተጽፏል። ወፍራም ክንድ ላይ የጠበበ ጨርቅ ከታሰረ ግፊቱን ከፍ አድርጎ ነው የሚያሳየው።

ሁለተኛው ገጽ ደብተሩ ነበር። በማስመሪያ አስምሬ፦ ቀን፣ ጠዋት ሁለት ልክ፣ ማታ ሁለት ልክ፣ ኪኒን፣ እና ማስታወሻ። አብዛኛው ሰው የሚይዘው ደብተር ላይ ቁጥር ብቻ ነው ያለው፣ እኔ ግን አንድ አምድ ብቻ ያዙ ብትሉኝ የኪኒኗን ነው የምመርጠው፣ ምክንያቱን ቆይቼ እነግራችኋለሁ። እዛ ላይ ምልክት የሚደረገው ከተዋጠ በኋላ ነው፣ «አሁን እወስዳለሁ» ብሎ ቀድሞ ምልክት ማድረግ የለም።

የመጀመሪያው ገጽ በፎቶ ሲመጣልኝ 130/80፣ 130/80፣ 130/80፣ 125/80 ይላል። ቆንጆ ነው፣ ግን ግፊት እንደዚህ አይሄድም። ሁለት ልክ በአንድ ደቂቃ ልዩነት እንኳን ጥቂት ይለያያል፣ ሁሉም ቁጥር በዜሮና በአምስት ሲያልቅ ሰውየው ወይ እያጠጋጋ ነው ወይ እኔን ደስ ለማሰኘት እየጻፈ ነው። ማሽኑ ደግሞ ይመዘግባል፣ M የምትለዋን ሲጫኗት የድሮዎቹን አንድ በአንድ ያወጣል። እህቴ አየችና 151፣ 148፣ 139 ምናምን ነው ያገኘችው። አባዬን አልተቆጣሁትም፣ ትልቅ ሰው ነው፣ ደብዳቤው ላይ ግን ይህን ጨመርኩ፦ «አባዬ ይሄ ፈተና አይደለም፣ 160 ብትጽፍልኝ አልከፋም፣ የውሸት 130 ግን ሐኪሙን ያሳስተዋል። ማሽኑ 143 ካለ 143 ጻፍ፣ 140 አትበል።» ከዛ በኋላ ቁጥሮቹ ዝብርቅርቅ አሉ፣ ያኔ ነው ያመንኳቸው።

አሁን ወደ ኪኒኗ አምድ። አባዬ የሚወስደው አምሎዲፒን 10 ሚሊ ግራም ነበር፣ በቀን አንዴ። የመጀመሪያዋ እውነተኛ ሳምንት ይህን ትመስል ነበር፦ ከሰኞ እስከ ረቡዕ ምልክት አለ፣ ረቡዕ ጠዋት 136/84። ሐሙስ ምልክት የለም። አርብ ጠዋት 138/85፣ አርብም ምልክት የለም። ቅዳሜ ጠዋት 146/89፣ አሁንም ባዶ። እሁድ ጠዋት 155/93፣ ማስታወሻው ላይ «ራሴን ከበደኝ» ይላል፣ ኪኒን ተወስዷል። እሁድ ማታ 153/92። ሰኞ ጠዋት 150/90።

ይህቺን ሳምንት በአባዬ ዓይን እዩልኝ። ሐሙስ ተወው፣ አርብ ለካ፣ ምንም አልሆነም። ስለዚህ ኪኒኑ ያን ያህል አያስፈልግም ማለት ነው። እሁድ ደግሞ ግፊቱ ወጣ፣ ኪኒኑን ዋጠ፣ ማታ ለካ፣ ንቅንቅ አላለም። ስለዚህ ኪኒኑ አይሰራም ማለት ነው! ከውጭ ሲያዩት ግድየለሽነት ይመስላል፣ ሰውየው ግን ባየው ነገር ተነስቶ ነው የወሰነው። የጎደለው ነገር ይሄ መድኃኒት ከሰውነት ቶሎ የማይወጣ መሆኑን ማወቅ ነው። ከዋጡት ውስጥ ግማሹ ለመውጣት ከ30 እስከ 50 ሰዓት ይፈጅበታል፣ ስለዚህ ሲተውት ወዲያው አያስታውቅም፣ ሲጀምሩትም መጠኑ በደም ውስጥ እስኪደላደል በየቀኑ እየተወሰደ አንድ ሳምንት ያህል ያስፈልገዋል። እንደ ራስ ምታት ኪኒን ሲያም የሚዋጥ ነገር አይደለም። ብዙ ጊዜ ግፊት ወጥቶም ራስን አያምም፣ ራስን ያመመ ቀን ደግሞ ሁልጊዜ ግፊት አይደለም።

እንዲህ ብዬ ጻፍኩለት፦ «አባዬ፣ አርብ 138 የሆንከው ረቡዕና ከዛ በፊት በዋጥከው ነው። እሁድ የዋጥከው ደግሞ ዛሬ አይታይም፣ በየቀኑ ስትወስድ የሚመጣው ሳምንት ላይ ነው የምታየው። ቁጥሩ ጥሩ ሲሆን ተሻለኝ ብለህ አትተወው፣ ጥሩ የሆነው ኪኒኑ ስላለ ነው። ከረሳህ በዛው ቀን ትዝ ሲልህ ውሰድ፣ በማግስቱ ሰዓቱ ሲደርስ ትዝ ካለህ ግን ያለፈውን ተወውና የዛሬውን ብቻ፣ በፍጹም ሁለት አትደርብ።» ይህንን ፋርማሲስትም አጽድቆልኛል፣ የሌላ መድኃኒት ሊለያይ ስለሚችል የራሳችሁን ጠይቁ።

ሳምንቱን ሙሉ የሚይዝ ሰባት ክፍል ያለው የኪኒን ሳጥንም እህቴ አመጣችለትና ከጥርስ ብሩሹ አጠገብ አስቀመጠችው፣ ጥርሱን ሳይቦርሽ የሚውልበት ቀን ስለሌለ። እሁድ እሁድ ይሞላል፣ ሲሞላ እሽጉ ውስጥ የአንድ ሳምንት ብቻ ከቀረ ያኔውኑ ይገዛል። ሳጥኑ ሌላ ጥቅምም አለው፣ «ዛሬ ወስጃለሁ አልወሰድኩም?» ብሎ መጠራጠር ይቀራል፣ ክፍሏ ባዶ ከሆነች ተወስዷል።

ግን እኮ ሁሉም ከተስተካከለ በኋላም ሐሙስና አርብ አካባቢ አንዳንዴ ባዶ ቦታ ታየኛለች። መርሳት ቢሆን ኖሮ ቀኑ ይለዋወጥ ነበር ብዬ ማስታወሻውን መልሼ ሳነበው አንድ ቦታ በቀጭን ጽሑፍ «ጫማ እምቢ አለኝ» ይላል። ደወልኩ። «ቁርጭምጭሚቴ ማታ ማታ ያብጣል፣ ጥቂት ቀን ስተወው ይጎድላል» አለኝ፣ አርብ ከሰዓት ከጓደኞቹ ጋር ስለሚወጣ ጫማው እንዲገባለት ነበር የሚተወው። ለሐኪሙ ለምን አልነገርከውም ስለው «ለእግር እብጠት ሐኪም ላስቸግር?» አለ። የቁርጭምጭሚት እብጠት የአምሎዲፒን የታወቀ የጎንዮሽ ጉዳት ነው፣ መጠኑ ከፍ ሲል ደግሞ ይብሳል። እብጠት ከልብና ከኩላሊትም ሊመጣ ስለሚችል በግምት የሚታለፍ አይደለም፣ ለሐኪም የሚነገር ነው።

ደብተሩን ይዞ ሄደ። ሐኪሙ የኪኒን አምዷን ከማስታወሻው ጋር አስተያይቶ መረመረውና አምሎዲፒኑን ወደ 5 አውርዶ ኢናላፕሪል የሚባል ሌላ የግፊት መድኃኒት ጨመረለት፣ ለኩላሊትና ለፖታሲየም የደም ምርመራም ከጥቂት ጊዜ በኋላ ቀጠረው። ደብተሩ ባይኖር በዛ ቀጠሮ 150 ተለክቶ አምሎዲፒኑ 10 እንዳለ ሌላ ኪኒን ተጨምሮበት ይመለስ ነበር ብዬ ነው የማምነው። ኢናላፕሪል ደረቅ ሳል ሊያመጣ ስለሚችል ማስታወሻው ላይ ሳል ካለ ጻፍ ብዬዋለሁ። ፊት ወይ ከንፈር ካበጠ ግን ጊዜ የለም፣ ወዲያው ሐኪም ቤት።

ከዛ በኋላ ሳምንቱን እንዴት እንደምደምር ላሳያችሁ። ሰባት ቀን ይለካል፣ የመጀመሪያው ቀን ይጣላል፣ ሰው መጀመሪያ ላይ ስለሚጨነቅ ከፍ ይላል። የቀሩት ስድስት ቀናት በቀን አራት ልክ 24 ይሆናሉ። የላይኞቹ ድምር 3168 መጣ፣ ለ24 ሲካፈል 132። የታችኞቹ 1968፣ ሲካፈል 82። ቤት ሲለካ አማካዩ ከ135/85 በታች ከሆነ ብዙ ጊዜ ጥሩ ነው ይባላል፣ ሐኪም ቤት የሚባለው 140/90 ነው፣ ቤት ውስጥ ሰው ዘና ስለሚል ነው ልዩነቱ። የአባዬ ሐኪም በዚህ ተስማምቷል፣ ለሌላ ሰው ዝቅ ያለ ሊፈልግ ይችላል።

አሁን ሙሉ ሳምንት የሚለካው ከቀጠሮ በፊትና መድኃኒት ሲቀየር ነው፣ ኪኒኗ ላይ ግን ምልክት በየቀኑ አለ። አንድ ቀን ደንግጦ እየደጋገመ ሲለካ በለካ ቁጥር እየወጣ ሄዶበት ነበር፣ ፍርሃት ራሱ ግፊት ይጨምራልና። ለዚህ የመጨረሻውን ገጽ በቀይ ጻፍኩት፦ «ከሁለት በላይ አትለካ። የላይኛው 180 ወይ የታችኛው 120 ከደረሰ አምስት ደቂቃ አርፈህ አንዴ ብቻ ድገም። ያው ከሆነ በዛው ቀን ለሐኪሙ ደውል፣ በራስህ ኪኒን አትጨምር። ደረትህን ካመመህ፣ ትንፋሽ ካጠረህ፣ አንድ ጎንህ ከደከመ፣ አንደበትህ ከተያያዘ፣ ዓይንህ ከጋረደህ፣ መለካቱንም ተወው፣ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል። ለእኔ እዛ ከደረስክ በኋላ ይደወልልኛል።»