«ገና ና ንጉሥ» ፦ የመስመር መጨረሻ ያስተማረኝ

አጎቴ በ1950ዎቹ የታተመች፣ ጠርዟ የተበላ ቀጭን መጽሐፍ ነበረቻቸው። ዓይናቸው ስለደከመ በትልቅ ፊደል ላትምላቸው ቃል ገባሁ። ገጾቹን በስልኬ ፎቶ አነሣሁ፣ ምስሉን ወደ ጽሑፍ በሚቀይር ፕሮግራም አስነበብኳቸው፣ አትሜም ወሰድኩላቸው። ሦስተኛው ገጽ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። «ይህ ገና ና ንጉሥ የሚባለው ማን ነው?» አሉኝ።

መጽሐፉ የሚለው «ገናና ንጉሥ» ነው። «ገና» የመስመሩ መጨረሻ ላይ፣ «ና» የሚቀጥለው መስመር መጀመሪያ ላይ ስለወደቁ እኔ በመካከላቸው ክፍት ቦታ ከትቼ ገናናውን ንጉሥ ጠራሁት።

ያደረግሁት ብዙ ሰው የሚያደርገውን ነው። ከፎቶ የተቀዳው ጽሑፍ በእያንዳንዱ የመጽሐፉ መስመር ልክ እየተቆረጠ ስለሚመጣ በሰፊ ወረቀት ላይ ያስቀይማል። ስለዚህ በጽሑፍ ማዘጋጃው «ፈልግና ተካ» መስኮት ባዶ መስመሮቹን (^p^p) በአንድ ምልክት ለወጥኩ፣ የቀረውን ^p ሁሉ በክፍት ቦታ ተካሁ፣ በመጨረሻም ምልክቱን ወደ ^p መለስኩ። ከአንድ ደቂቃ በታች የሚያልቅ ሥራ ነው። ለእንግሊዝኛ መጽሐፍ ይህ ብዙም አይጎዳም፤ እዚያ ቃል መስመር ላይ ሲቆረጥ ሰረዝ ስለሚደረግበት ቁራጩ ራሱን ያጋልጣል። የእኛ የቀድሞ አታሚዎች ግን ፊደሉ ጠርዝ ላይ በደረሰበት ቦታ ቃሉን ያለ ምንም ምልክት ቆርጠው ወደ ታች ያወርዱት ነበር።

የአጎቴ መጽሐፍ ቃላትን በሁለት ነጥብ የምትለይ መሆኗ ግን ዕድል ሆነልኝ። እነዚህን ሁለት መስመሮች ተመልከቱ፤ አምሳያቸውን እኔ ጻፍኩት እንጂ አሠራሩ የመጽሐፉ ነው።

```
ሰዎቹም፡በማለዳ፡ወደ፡ገበ
ያ፡ወርደው፡እህላቸውን፡ሸጡ፡
```

የመጀመሪያው መስመር መጨረሻ ላይ ነጥብ የለም፤ ስለዚህ ቃሉ አላለቀም፣ «ገበያ» ተብሎ ያለ ክፍተት ይገጠማል። ሁለተኛው በ«፡» ስለተዘጋ ቀጣዩ መስመር በአዲስ ቃል ይጀምራል። ይህን ሳይ ሥራው ያለቀ መስሎኝ ነበር፤ ነጥብ ካለ ክፍት ቦታ፣ ከሌለ መግጠም። ሁለት ነገሮች ግን ሕጉን አፈረሱብኝ። አንደኛ፣ ቃሉ ልክ ጠርዙ ላይ ሲያልቅ ፊደል ለቃሚው ለነጥቡ ቦታ እያጣ ብዙ ጊዜ ትቶታል። ሁለተኛ፣ ፕሮግራሙ በጠርዝ ላይ የደበዘዘውን ነጥብ ይውጠዋል፤ አንዳንዴም በፈረንጅ ሁለት ነጥብ (:) ይተካዋል። ስለዚህ ነጥብ መኖሩ ማስረጃ ነው፤ አለመኖሩ ግን ጥርጣሬ ብቻ ነው።

የቃላት ማረሚያ ፕሮግራምም እዚህ አይረዳም። «ገና» ቃል ነው፣ «ና»ም ቃል ነው። «መጣና ተቀመጠ» ተቆርጦ «መጣ ና ተቀመጠ» ሲሆንም ቀይ መስመር አይሰመርበትም። የሚያየው ፎቶውን ከጎኑ ያስቀመጠ ሰው ብቻ ነው። መስመሮቹን ቸኩዬ በማያያዜ የጠፋኝም ይኸው ነው፤ የፎቶው አሥራ ሰባተኛ መስመር በእኔ ጽሑፍ ውስጥ የት እንዳለ ማግኘት አልቻልኩም። ዓይኔ ከገጹ ወደ ኮምፒውተሩ በተመላለሰ ቁጥር ቦታውን እየሳተ አንዱን መስመር ሁለት ጊዜ አረምኩ፣ ሌላውን ዘለልኩ። ዲስትሪቢዩትድ ፕሩፍሪደርስ የሚባሉት፣ ከ2000 ጀምሮ የቆዩ መጻሕፍትን በበጎ ፈቃደኞች የሚያሳርሙት፣ በእርማት ጊዜ መስመሮቹ እንደ ገጹ እንዲቆዩ የሚያዝዙት ለዚሁ ነው።

ስለዚህ የሠራሁትን ጥዬ እንደገና ጀመርኩ። በዚህ ጊዜ ቴሴራክት የሚባለውን ምስል አንባቢ ፕሮግራም ተጠቀምኩ፤ እሱ መስመሩን እንዳለ ይተወዋል።

```
tesseract g03.jpg g03 -l amh --psm 6
```

ቀጥሎ ፎቶውን በግራ፣ ጽሑፉን በቀኝ አድርጌ መስመር ለመስመር አረምኩ። እግረ መንገዴንም ምልክት አደረግሁ፦ ቃሉ ወደሚቀጥለው መስመር ካለፈ መጨረሻው ላይ «~»፣ አንቀጽ ሲያልቅ ባዶ መስመር፣ የግጥም መስመር ከሆነ መጀመሪያው ላይ «|»። የአንቀጹን ምልክት በእጄ ማድረግ የነበረብኝ መጽሐፉ አዲስ አንቀጽን የሚያሳየው ወደ ውስጥ ገባ በማለት ብቻ ስለሆነ ነው፤ ያ ገባ ማለት ደግሞ በፕሮግራሙ ውጤት ውስጥ የለም። የገጽ ቁጥሩንና የራስጌውን ጽሑፍም እዚያው አጠፋሁ፤ አለዚያ ከገጽ ወደ ገጽ በሚያልፍ ዓረፍተ ነገር መካከል «፲፬» ተሰንቅሮ ይቀራል። «ቤተ» እና «ክርስቲያን»ን የመሰሉ ጥንዶች መስመር መጨረሻ ላይ ሲለያዩ ደግሞ ያው ቃል በመስመር መሐል እንዴት እንደታተመ ፈልጌ በዚያ ወሰንኩ። ማያያዙ የመጨረሻው ሥራ ሆነ፤ የታረሙት ገጾች kome.txt በሚባል አንድ ፋይል ከተሰበሰቡ በኋላ የአንድ ትእዛዝ ጉዳይ ነው።

```
perl -CSD -0777 -pe 's/\f//g; s/~\n//g; s/(?<=[^\n])\n(?=[^\n|])/ /g' kome.txt > ayayaz.txt
```

መጀመሪያ ፕሮግራሙ በየገጹ መጨረሻ የሚተወውን የማይታይ ምልክት ያጠፋል፣ ቀጥሎ «~» ያለበትን ያለ ክፍተት ይገጥማል፣ ከዚያ የቀረውን የመስመር መጨረሻ በክፍት ቦታ ይተካል። ባዶ መስመርንና በ«|» የሚጀምርን መስመር አይነካም።

ግጥሙ ለብቻው ራስ ምታት ነበር። በመጀመሪያው ሙከራዬ የልቅሶ ግጥሞቹ ሁሉ ስድ ንባብ ሆነው ነበርና በሁለተኛው «ግጥም አይነካም» ብዬ እያንዳንዱን የታተመ መስመር እንዳለ ተውኩት። ያም ስሕተት ሆነ። ገጿ ጠባብ ስለሆነች ረጅሙ ስንኝ መሐሉ ላይ እየተሰበረ፣ ተራፊው ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ነበር የታተመው። በራሴ ግጥም ላሳያችሁ፦

```
ወንዙ ሞልቶ አደረ
   መሻገሪያ ጠፍቶ
ማን ይነግርልኛል
   ለእናቴ ገብቶ
```

በወረቀት አራት መስመር ነው፤ በጆሮ ግን ሁለት ስንኝ ነው። ቤት የሚመታው «ጠፍቶ» ከ«ገብቶ» ጋር ነው እንጂ «አደረ» ከማንም ጋር አይመታም፤ ስድስት በስድስት የሚሄደው የወል ቤትም የሚሞላው ሁለቱ ሐረጎች ሲገጠሙ ነው። ቤት የማይመታ መስመር ካለና ተከታዩ በፎቶው ላይ ገባ ብሎ ከታየ፣ የገጣሚው ሳይሆን የጠባቡ ወረቀት ስብራት ነው ብዬ አያያዝኩት። ሁለቱ ምልክቶች ባልተስማሙበት ቦታ ግን እንደ ወረቀቱ ተውኩት። ገጣሚ ሆን ብሎ የሰበረውን መጠገን የእኔ ድርሻ አይደለም።

ሁለቱንም ፋይሎች አስቀምጫለሁ። ለአጎቴ የታተመላቸው የተያያዘው ነው፤ እርማት የማደርገው ግን ሁልጊዜ መስመሩን በጠበቀው ላይ ነው፣ ከዚያ ትእዛዙን እንደገና አስኬዳለሁ። ባለፈው ሳምንት ደውለው «አንተ፣ እዚህ ደግሞ ሸጡከብቱን ይላል» አሉኝ። ፋይሉን ከፍቼ ገጹን ከፎቶው ጋር አስተያየሁት። ነጥቧ ጠርዙ ላይ ነበረች፤ ደብዝዛለች እንጂ አለች። አንዲት «~» አጥፍቼ አዲስ ቅጂ ላኩላቸው።