ከመውጫ ፈተናው ምስጋናው ከበደኝ

ባለፈው ቅዳሜ ተመረቅሁ። በማታው ፕሮግራም፣ በአካውንቲንግና ፋይናንስ፣ በዲግሪ። ድፎው ተቆርሶ፣ ዘመድ አዝማዱ ተሸኝቶ ቤቱ ጸጥ ሲል ስልኬን ይዤ ቁጭ አልኩ። ላመሰግናቸው የሚገባኝ ሰዎች ብዙ ናቸው። ግማሾቹ ድግሱ ላይ አልነበሩም፣ ከአገር የወጡም አሉ። ፌስቡክ ላይ ካልጻፍኩ የት አገኛቸዋለሁ?

ጽፌ አጠፋሁ። ደግሜ ጽፌ ደግሜ አጠፋሁ። በመጨረሻ የለጠፍኩት ማክሰኞ ማታ ነው።

እኛ ጋ ነገሩ አስቸጋሪ ነው። ደስታውን ያልተናገረ ሰው «ምን አድርገናት ነው የደበቀችን?» ይባላል። የተናገረ ደግሞ «ጉራዋን ቸረቸረችው» ይባላል። በሁለቱ መሃል ያለችው መንገድ ቀጭን ናት። ስለዚህ እሑድን ሙሉ የሰው የምርቃት ጽሑፍ ሳነብ ዋልኩ። የትኛው ደስ አለኝ፣ የትኛው ጆሮዬን ቆረቆረኝ እያልኩ።

አንድ ነገር ቶሎ ገባኝ። የሚቆረቁረው ዜናው አይደለም። «ተመረቅሁ» ያለ ሰው ላይ ማንም አይከፋም። የሚቆረቁረው ከዜናው በኋላ የሚመጣው ነው። «ስንቱን እሾህና አሜኬላ አልፌ»፣ «አትችልም ላላችሁኝ ሁሉ»፣ «ለማይገባኝ ለእኔ»። የመጀመሪያው ምስጋና ብሎ ይጀምርና የጀግና ታሪክ ይሆናል፤ ያገዙት ሰዎች ዳር ቆመው የሚያጨበጭቡ አጃቢዎች ይሆናሉ። ሁለተኛው ለወዳጅ በተዘጋጀ ማዕድ ላይ ጠላት ይጠራል። ሦስተኛው ትሕትና ይመስላል፣ ግን አንባቢውን «ኧረ ይገባሻል!» እንዲል ያስገድደዋል። ኮሜንቱን ሄዳችሁ እዩት፣ ከላይ እስከ ታች «ይገባሻል» ነው። ሳይጠየቅ የተጠየቀ ውዳሴ።

እኔም ብሆን መጀመሪያ የጻፍኩት ከዚህ የራቀ አልነበረም። «ከሌቨል ፎር ተነስቼ፣ ልጅ እያሳደግኩ፣ ቀን ገንዘብ ያዥ ማታ ተማሪ ሆኜ፣ እንቅልፌን ሠውቼ...» ይላል። አንዱም ውሸት የለበትም። ግን ግሶቹን ብትቆጥሯቸው ሁሉም የእኔ ናቸው። ተነሳሁ፣ አሳደግሁ፣ ሠዋሁ። እንቅልፌን ስሠዋ ልጄን ማን አቅፏት ነበር? እሷን አቅፈው ያስተኟት ሴትዮ መጨረሻ ላይ «ከጎኔ ለነበራችሁ ሁሉ» የሚለው ውስጥ ገብተዋል። «ሁሉ» ውስጥ የገባ ሰው ደግሞ መመስገኑን አያውቅም።

ስለዚህ ገለበጥኩት። በየዓረፍተ ነገሩ አድራጊው ያገዘኝ ሰው እንዲሆን። «ተምሬ ጨረስኩ» ማለት ቀርቶ «ጎረቤታችን ልጄን ከትምህርት ቤት እየተቀበሉ፣ እራቷን አብልተው ያቆዩልኝ ነበር» ሆነ። ስለ ራሴ ምንም ሳልል ማታ ማታ እንደማልኖር ታወቀ። ድካሙን ሳልናገረው እሱ ራሱ ይታያል።

ከዚያ የውጤቱ ጉዳይ መጣ። ይህኛው ከሁሉ በላይ አስጨነቀኝ።

የመውጫ ፈተና ከ2015 ጀምሮ በመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ሁሉ ላይ የወደቀ ነው፤ የመንግሥትም የግልም ተማሪ ይፈተናል። ማለፊያው 50 ከመቶ ነው። አራት ዓመት ተምረህ፣ ኮርሱን ሁሉ አልፈህ፣ እሷን ካላመጣህ ዲግሪው አይሰጥህም፤ ድጋሚ ትፈተናለህ። በመጀመሪያው ዙር ከግማሽ በላይ ተፈታኝ አላለፈም ነበር። እኛም ክፍል ያላለፉ አሉ። ከነሱ አንዷ ፋይናንሺያል አካውንቲንግን ያስረዳችኝ ልጅ ናት። ማታ ከክፍል ስንወጣ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆመን፣ ደብተሯን በስልክ መብራት እያሳየች የማስተካከያ ምዝገባን ያስገባችልኝ እሷ ነች። እኔ አለፍኩ፣ እሷ ለጥቂት ቀረች።

ውጤታቸውን ስክሪንሹት አድርገው የሚለጥፉ አሉ። መብታቸው ነው፤ የለፋ ሰው ቢደሰት ምን ይባላል። እኔ ግን ነጥቤን ባወጣው ያቺ ልጅ ምን ታነባለች? ቁጥሩን ማየት የሚፈልጉት እናቴና ባለቤቴ ናቸው፤ አይተውታል። ስለዚህ ቁጥር አልገባም።

«እግዚአብሔር ጸሎቴን ሰማኝ» የሚለውንም በዚሁ ምክንያት አሰብኩበት። ፈጣሪን ሳላመሰግን የምጽፈው ምስጋና የለም። ግን እሷም ጸልያለች። ከፈተናው በፊት በነበረው ሳምንት አብረን ነው ቤተ ክርስቲያን የሄድነው። «ሰማኝ» ብዬ ካራዘምኩት እሷን አልሰማትም ማለት ሊመስል ነው። «ከሁሉ አስቀድሞ እግዚአብሔር ይመስገን» ብዬ ነጥብ አደረግሁ። አጭር ነው፣ ሙሉም ነው።

ስሟን ልጻፍ ወይስ ልተው? ብጽፈው «እሷስ ተመረቀች?» የሚል ሰው አይጠፋም። ብተወው ደግሞ ውለታዋን መካድ ነው። ደወልኩላት። «ስሜን ተይው፣ ነገሩን ጻፊው» አለችኝ። ሳቀችም። ልቤ አረፈ።

ከሷ በኋላ ለሁሉም ደወልኩ፤ ጥሩም ሆነ። ምስጋና ሰውን ችግር ውስጥ ሊከት እንደሚችል ያየሁት ያኔ ነው። ዱባይ ያለችው እህቴ የክፍያዬን ግማሽ ሸፍናልኛለች። በረቂቁ ላይ ይህንኑ ጽፌ አነበብኩላት። «እንዳታደርጊው!» አለች ጮክ ብላ። ልክ ነች። ሰው ቤት ተቀጥራ፣ በወር አንዴ ዕረፍት አግኝታ የላከችው ብር ነው። ፌስቡክ ላይ ከወጣ ግን ነገ ጠዋት ያልሰማ ዘመድ አይኖርም፤ የአክስት ልጅ ሁሉ «ለእኔም» ማለቱ ነው። «እህቴ ከሩቅ ሆና አልተለየችኝም» በሚለው ተስማማን። የቀረውን በድምፅ መልእክት ላኩላት። ረዥም ነበር፣ አለቀስኩበትም፣ እሱ ለእሷ ብቻ ነው።

የቅርብ አለቃዬም እንደዚሁ። ክፍል የሚጀምረው 11፡30 ነው። ከሥራ የምንወጣው 11 ሰዓት፣ በአዲስ አበባ ትራንስፖርት የማይታሰብ ነው። 10፡30 ላይ ካዝናዬን አስረክቤ እንድወጣ የፈቀደልኝ እሱ ነው፤ በቃል እንጂ በደብዳቤ አይደለም። ይህን በአደባባይ ብጽፍ ምስጋናዬ ክስ ይሆንበታል። የሰው ኃይል ክፍሉም፣ ፈቃድ የተከለከለ ሌላ ሠራተኛም ያነበዋል። ቢሮው ሄጄ ቆሜ አመሰገንኩት። ጥበቃችንንም እንዲሁ፣ ሁሉ ከወጣ በኋላ ቅዳሜ ቢሮ ቁጭ ብዬ እንዳጠና ይተዉኝ ነበር። ጋሼ የፌስቡክ ነገር አይገባቸውም፤ ድፎ ይዤላቸው ስሄድ ጉንጬን ስመው መረቁኝ። ከላይኩ ሁሉ የሳቸው ምርቃት ይበልጥብኛል።

ቅደም ተከተሉም ራስ ምታት ነው። እናት ትቅደም ባል? ባለቤቴን አምስተኛ ባስቀምጠው አክስቶቹ ቆጥረው ነው የሚያነቡት። መፍትሔ ያገኘሁት በጊዜ ቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ የገፋፋኝ መጀመሪያ፣ መጨረሻ የደረሰልኝ መጨረሻ። እንዲህ ሲሆን ማን ከማን ይበልጣል የሚል አይኖርም፤ ታሪኩ ራሱ ይደረድራቸዋል።

ፎቶውን ቶሎ ወሰንኩ። ካባ ለብሼ ብቻዬን አበባ አቅፌ የተነሳሁት አለ፣ ስቱዲዮው ፊቴን አለስልሶ የሌላ ሰው አስመስሎታል። እሱን ትቼ ጎረቤታችን ቆቤን አጥልቀው የሳቁበትን መረጥኩ። ፈቃዳቸውን ጠይቄ።

ሌላው ሰው የሚረሳው ነገር ፌስቡክ ረዥም ጽሑፍ ከላይ ጥቂት መስመር ብቻ አሳይቶ የቀረውን እንደሚደብቅ ነው። ብዙ ሰው ከፍቶ አያነብም። ስለዚህ መጀመሪያው መስመር ላይ «ዛሬ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ?» እያሉ ማንጠልጠል ዋጋ የለውም፤ ያሰለቻልም ያስቀይማልም። ዜናውና ምስጋናው እዚያው ላይ መገኘት አለባቸው። የለጠፍኩት ይኸውና፦

«ከሁሉ አስቀድሞ እግዚአብሔር ይመስገን። ቅዳሜ በአካውንቲንግና ፋይናንስ በዲግሪ ተመረቅሁ፤ ያደረሱኝን ሰዎች ላመሰግን ነው። ትምህርቱን ጀምሪ ብሎ ፎርሙን ራሱ ያመጣልኝ ባለቤቴ ነው። እናቴ በየፈተናው ሰሞን ከደብረ ብርሃን እየመጣች ቤቴን ይዛልኛለች። እህቴ ከሩቅ ሆና አልተለየችኝም። ጎረቤታችን ልጄን ከትምህርት ቤት እየተቀበሉ፣ እራቷን አብልተው ያቆዩልኝ ነበር፤ ፎቶው ላይ ቆቡን ያደረጉት እሳቸው ናቸው፣ ይገባቸዋል። የሥራ ባልደረቦቼ ወር መዝጊያ ላይ ሥራዬን ተካፍለዋል። ታክሲ ሰልፍ ላይ ያስረዳሽኝ ጓደኛዬ፣ ፈተናው ላይ ያንን ጥያቄ ሳየው ድምፅሽ ነው የመጣልኝ። እግዚአብሔር ውለታችሁን ይክፈልልኝ።»

አለቀ። «ሃምሳ ሎሚ» የሚለውን ተረት ልጨምር ብዬ ተውኩት፤ በየምርቃቱ ተጨምቆ ጭማቂ አልቀረውም።

ኮሜንቶቹ ደስ ይላሉ። እንኳን ደስ አለሽ ላለ ሁሉ እንደየሰውዬው መለስኩ፤ ሰባት ቦታ አንድ ዓይነት ልብ ከመቅዳት ይሻላል። «ቀጣዩ ማስተርስ ነው!» ያሉ አሉ። «መጀመሪያ ልተኛ» አልኳቸው። አንዱ ግን «ስንት አመጣሽ?» ብሎ ጠየቀ። እዚያ አልመለስኩለትም። በውስጥ መስመር «አልፌያለሁ፣ ይበቃኛል» አልኩት። እሱም አልገፋበትም።

ያቺ ጓደኛዬ ከኮሜንት ይልቅ መልእክት ነው የላከችው። የኦዲቲንግ ማጠቃለያ ወረቀቶቼን ጣልኳቸው ወይ ብላ ጠየቀች፤ ለሚቀጥለው ዙር ተመዝግባለች። አልጣልኳቸውም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እኛ ቤት ትመጣለች፣ በኦዲቲንግ እንጀምራለን፤ ኮስት አካውንቲንግን ግን አሁንም እሷ ነች የምታስረዳኝ።