በ62 ዓመቴ ጡረታም ዲስኤቢሊቲም ያመለከትኩበት መንገድ

ቨርጂኒያ ውስጥ መጋዘን ስሠራ ብዙ ዓመት ዕቃ አንስቻለሁ። ወገቤ እምቢ ሲል ጁን 2024 ላይ ሥራ አቆምኩ። 62 ልሞላ ሦስት ወር ነበር የቀረኝ። የምቀርባቸው ሰዎች ሁሉ ምክራቸው አንድ ነበር፤ “ጡረታህን ውሰድና ተገላገል፣ ከዲስኤቢሊቲ ጋር ምን ያታግልሃል?”

ትግሉ የሚያዋጣ መሆኑን ያየሁት ሒሳቡን ስሠራ ነው። ለአሠራር እንዲመች ሙሉ ጡረታዬን በወር 2,000 ዶላር እንበለው። በ1960 ወይም ከዚያ በኋላ የተወለደ ሰው ይህን ሙሉውን የሚያገኘው በ67 ዓመቱ ነው። እኔ ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ ልውሰድ ስል ወደ 1,408 ይወርዳል፤ ቅናሹም ዕድሜ ልክ ነው። የአሜሪካው የጡረታ መሥሪያ ቤት ሶሻል ሴኩሪቲ በሕመም መሥራት ላቃተው ሰው የሚከፍለው ዲስኤቢሊቲ ግን ያለ ዕድሜ ቅናሽ ይሰላል።

ልዩነቱ መሥፈርቱ ላይ ነው። ለጡረታ ዕድሜና 40 ክሬዲት፣ ማለትም ግብር እየከፈልክ በሠራህ ቁጥር የሚጠራቀም ነጥብ፣ ይበቃል፤ ስለ ጤናህ የሚጠይቅህ የለም። ለዲስኤቢሊቲ በእኔ ዕድሜ 40 ክሬዲት ኖሮህ ከዚያ ውስጥ 20ው በመጨረሻዎቹ አሥር ዓመታት የተሠራ መሆን አለበት። አገር ቤት ገብቶ ስድስት ሰባት ዓመት ቆይቶ የተመለሰ ሰው እዚህ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ሕመሙም ቢያንስ 12 ወር የቆየ ወይም እንደሚቆይ የሚጠበቅ፣ ሥራ የሚከለክል መሆን አለበት። በ2024 በወር ከ1,550 ዶላር በላይ የሚያስገኝ ሥራ የሚሠራ ሰው፣ ዓይነ ስውር ካልሆነ በቀር፣ ሕመሙ ሳይመረመር ውድቅ ይደረግበታል።

ዲስኤቢሊቲውን ሥራ እንዳቆምኩ ጁላይ ላይ አመለከትኩ። ውሳኔው ወራት ስለሚፈጅና ቤት ኪራይ ስለማይጠብቅ፣ ከኦክቶበር ጀምሮ ደግሞ ጡረታውን መውሰድ ጀመርኩ። ሁለቱን አብሮ ማመልከት የተፈቀደ ነው።

ዋናው ሥራ የሕክምና ማስረጃው ነበር። ኤምአርአዩ የአከርካሪዬ ቦይ መጥበቡን ያሳያል፤ በዚህ የሚከራከር የለም። ግን ስንት ሰው ወገቡ ጠብቦ ይሠራል! መርማሪዎቹ ማወቅ የሚፈልጉት በሕመሙ ምክንያት ምን ማድረግ እንዳልቻልክ ነው። ሐኪሜ መጀመሪያ የሰጠኝ ወረቀት “መሥራት አይችልም” የሚል አንድ መስመር ነበር። ከማርች 27 ቀን 2017 ጀምሮ በገቡ ማመልከቻዎች ላይ እንዲህ ያለው አረፍተ ነገር ክብደት የለውም፤ መሥራት መቻል አለመቻልን የሚወስነው ሶሻል ሴኩሪቲ ነው። ስለዚህ ተመልሼ፣ “ዶክተር፣ ስንት ፓውንድ ማንሳት እንደምችል፣ ሳላርፍ ስንት ደቂቃ እንደምቆም፣ በስምንት ሰዓት ሥራ ውስጥ ስንቱን ቆሜ እንደምውል ይጻፉልኝ” አልኩ። ከአሥር ፓውንድ በላይ እንዳላነሳ፣ በቀን ከሁለት ሰዓት በላይ እንዳልቆም፣ ምክንያቱንም ከኤምአርአዩና ከምርመራቸው ጋር አያይዘው ጻፉ። የፊዚዮቴራፒ መዝገቡም ያንኑ ልኬት ይናገር ነበር። ወረቀቶቹ እርስ በርስ መስማማታቸው ከማንኛውም ጠንካራ ቃል ይበልጣል።

ልጄ የሆስፒታሉን መዝገብ በስልኳ ከፍታ ስታነብልኝ ሌላ ነገር ታየን። “እንዴት ነህ?” ስባል በልማዳችን “ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን” እል የለ? ያ “ታካሚው ደህና መሆኑን ይናገራል” ተብሎ ተጽፏል። ከዚያ በኋላ ምስጋናውን ለቤተ ክርስቲያን ትቼ፣ ትናንት ምን ስሠራ እንዳመመኝ መናገር ጀመርኩ። ስለ ዕለት ኑሮዬ የሚጠይቀውን ቅጽም በዚሁ መንገድ ሞላሁት፤ ልብስ ማጠቢያ ድረስ ሄጄ ስንት ጊዜ እንደምቀመጥ ሁሉ ሳይቀር። ጸበል የምትሄዱም ሂዱ፣ ነገር ግን በመሃል የሐኪም ቀጠሮ አይቋረጥ። የወራት ክፍተት ሲያዩ “ተሽሎታል” ብለው ሊያስቡ ይችላሉ።

ዕድሜዬም ረድቶኛል። 55 ዓመት ለሞላው፣ የጉልበት ሥራ ብቻ ለሠራ ሰው መመሪያው ይላላል፤ ተቀምጦ የሚሠራ ሥራ ይችላል ተብሎ ብቻ አይከለከልም። በ35 ዓመቱ ያመለከተ የእኔ ቢጤ ግን በዚያው ወረቀት ሊከለከል ይችላል።

ስፕሪንግ 2025 ላይ ተፈቀደልኝ። ዲስኤቢሊቲ አምስት ሙሉ ወር ያስጠብቃል፤ ሥራ ያቆምኩት ጁን አጋማሽ ላይ ስለሆነ ክፍያው ከዲሴምበር 2024 ጀመረ። ከዲሴምበር በኋላ በጡረታ መልክ የወሰድኩት ተቀናንሶ ልዩነቱ ተከፈለኝ። ጡረታ ብቻ የወሰድኩባቸው ሁለት ወሮች፣ ኦክቶበርና ኖቬምበር፣ ከ2,000ው ላይ በየወሩ ወደ 22 ዶላር ቀነሱብኝ። ሥራ ያቆምኩበት ቀን ቀደም ብሎ ቢሆን ኖሮ እሱም አይቀነስም ነበር። ሜዲኬሩ ግን ከክፍያው መነሻ 24 ወር ስለሚያስጠብቅ እስከ ዲሴምበር 2026 በባለቤቴ የሥራ ኢንሹራንስ ነው የምታከመው።