ደንቡን ሁሉ ያሟላው የይለፍ ቃል ለምን ተሰበረ?

በአንድ መሥሪያ ቤት የአይቲ ክፍሉ ከበላይ ኃላፊዎች ፈቃድ አግኝቶ የሠራተኞቹን የይለፍ ቃሎች ጥንካሬ ፈተሸ። ዊንዶውስ ሰርቨሩ የይለፍ ቃሉን እንዳለ አያስቀምጥም፤ የሚያስቀምጠው ከቃሉ በስሌት የወጣውን ሃሽ ነው። ፈታሾቹ ሃሾቹን ወሰዱና ሃሽካት በተባለው ፕሮግራም የእያንዳንዱን ግምት ሃሽ እያሰሉ ከወሰዷቸው ጋር ማነጻጸር ጀመሩ። በዊንዶውስ የይለፍ ቃል ሃሽ ላይ አንድ ጠንካራ የግራፊክስ ካርድ በሰከንድ 300 ቢሊዮን ገደማ ግምት ይሞክራል። ሰርቨሩን ሰብሮ ሃሾቹን የወሰደ ሌባም የሚሠራው ይህንኑ ነው፤ በራሱ ማሽን ላይ ስለሚሞክር “አምስት ጊዜ ከተሳሳቱ ይቆለፋል” የሚለው ገደብ አያግደውም።

ገና በጅምሩ ከወደቁት አንዱ የሂሳብ ክፍሉ ኃላፊ የይለፍ ቃል ነበር።

```
Finance@2024!
```

“13 ፊደል ነው እኮ! ትልቅ ፊደል፣ ቁጥር፣ ምልክት፣ የታዘዝኩትን ሁሉ አስገብቻለሁ” አሉ ኃላፊው። የአይቲ ባለሙያዋ “ልክ ነዎት፤ ጉድለቱ የደንቡ ነው” ብላ ስሌቱን ወረቀት ላይ አሳየቻቸው።

ፕሮግራሙ 13ቱን ፊደላት አንድ በአንድ አልገመተም። ሰዎች ምልክት አስገቡ ሲባሉ ምን እንደሚያደርጉ ያውቃል፤ የመጀመሪያውን ፊደል ትልቅ ያደርጋሉ፣ ዓመተ ምሕረት ይጨምራሉ፣ መጨረሻ ላይ ቃለ አጋኖ ያኖራሉ፣ a የነበረውን በ @፣ o የነበረውን በ 0 ይተካሉ። ስለዚህ 100,000 የተለመዱ ቃላትን በ10 ምልክት፣ በ100 ዓመተ ምሕረትና በ10 ዓይነት መዝጊያ ቢያባዛ 1 ቢሊዮን ግምት ይሆናል። ያ ለዚህ ካርድ የአንድ ሰከንድ ሥራ እንኳ አይደለም።

ምልክት በእርግጥ የሚጠቅመው በዕጣ ሲወጣ ነው፤ ያኔም ጥቅሙ ከሚታሰበው ያነሰ ነው። ትልልቅና ትንንሽ የላቲን ፊደላት ከቁጥሮች ጋር 62 ናቸው፤ ምልክቶቹና ባዶ ቦታው ሲታከሉ 95 ይሆናሉ። በዕጣ ለወጣ 8 ፊደል ያለው የይለፍ ቃል፣ ምልክቶቹን ሁሉ መፍቀድ የሌባውን ሥራ 30 ጊዜ ያህል ያበዛበታል። ምልክቱን ትቶ አንድ ፊደል ብቻ ማስረዘም ግን 62 ጊዜ ያበዛበታል። አንድ ተጨማሪ ፊደል በዓይን የሚያስፈራውን የምልክት መዓት በእጥፍ ይበልጠዋል። የአሜሪካው የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም፣ ኒስት፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው መመሪያ ትልቅ ፊደልና ምልክት ማስገደድ እንዲቀር፣ ቢያንስ እስከ 64 ፊደል የሚረዝም የይለፍ ቃልም እንዲፈቀድ የመከረው ያለ ምክንያት አይደለም።

ኃላፊው ይህን ሰምተው የሚወዱትን አንድ ምሳሌያዊ አነጋገር ከዳር እስከ ዳር የይለፍ ሐረጋቸው አደረጉት። ከ30 ፊደል በላይ ቢሆንም አይበጅም። በመጽሐፍ፣ በዘፈን ወይም በሰው አፍ ያለ ዓረፍተ ነገር ሁሉ በሌባው ዝርዝር ውስጥ አንድ መስመር ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ ከሆነ ርዝመቱ 30 ሳይሆን አንድ ነው። ርዝመት የሚቆጠረው በፊደል ብዛት ሳይሆን ዕጣ በወጣባቸው ጊዜያት ብዛት ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ “ከራሴ ያመጣኋቸው ቃላት ናቸው” ማለትም አያድንም፤ የሰው ጭንቅላት የሚያመጣው እርስ በርሱ የተሳሰረውን ነውና።

ስለዚህ ዕጣው በዳይስ ወጣ። በዳይስ የማውጣቱን ዘዴ አርኖልድ ራይንሆልድ እ.ኤ.አ. በ1995 ዳይስዌር ብሎ ያስተዋወቀው ሲሆን፣ የሱ ዝርዝር 7,776 ቃላት አሉት፤ ለእያንዳንዱ ቃል ዳይስ አምስት ጊዜ ይጣላል። መሥሪያ ቤቱ ግን ሠራተኞቹ በቀላሉ የሚያስታውሱት በራሳቸው ቋንቋ ስለሆነ፣ 1,296 የአማርኛ ቃላት በላቲን ፊደል አዘጋጀ። ቁጥሩ የተመረጠው ዳይስ አራት ጊዜ ሲጣል ሊወጡ የሚችሉት ውጤቶች 1,296 ስለሆኑ ነው። ዝርዝሩን ሌባ ቢያገኘው ግድ የለም፤ ምስጢሩ ዕጣው እንጂ ዝርዝሩ አይደለም። ከታች ያሉት ስሌቶችም ሌባው ዝርዝሩን በእጁ ይዟል ብለው የተሠሩ ናቸው።

ኃላፊው ዳይሱን አራት ጊዜ ጣሉ፤ 3፣ 5፣ 1፣ 6 ወጣ። በዝርዝሩ 3516 ላይ የነበረው ቃል meselal ነው። ይህንኑ ሰባት ጊዜ ደጋግመው የሚከተለውን አገኙ፤ እዚህ ስለታተመ ግን ከእንግዲህ ማንም አይጠቀምበት።

```
meselal tinign samuna gulbet demena merfe zihon
```

ለምን ሰባት? አራት ቃል ቢሆን ያ ካርድ ሁሉንም አማራጭ በ10 ሰከንድ ውስጥ ይጨርሰዋል። አምስት ቢሆን ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ስድስት ቢሆን ስድስት ወር ይፈጅበታል። ሰባት ሲሆን 650 ዓመት ያህል ይደርሳል። በአማካይ ግማሹ ላይ ሊያገኘው ይችላል፤ ሌባው ብዙ ካርድ ካለውም ጊዜው በዚያው ልክ ያጥራል። መቶ ካርድ አለው ብሎ የሚሰጋ ሰው ስምንተኛ ቃል ይጨምር፤ አንዷ ቃል ጊዜውን 1,296 ጊዜ ታበዛዋለች።

ኃላፊው merfe የሚለውን አልወደዱትምና ሊቀይሩት ፈለጉ። ባለሙያዋ ከለከለቻቸው። የማይጥመውን ቃል እየጣለ የሚጥመውን የሚያኖር ሰው ቀስ በቀስ ዕጣውን ትቶ ወደ ራሱ ምርጫ ይመለሳል፤ ምን ያህል እንደተዳከመም ለማስላት አይቻልም። ሰባቱንም ጥሎ እንደ አዲስ ማውጣት ግን ይቻላል። ሦስት ሙሉ ሐረግ አውጥቶ አንዱን የመረጠ ሰው በከፋው ስሌት ጊዜውን በሦስት ነው የሚያካፍለው፤ ያ ጉዳት የሚቻል ነው።

ለማስታወስ ቃላቱን በቅደም ተከተላቸው ወደ አንድ እንግዳ ትዕይንት መቀየር ይረዳል፦ መሰላል ላይ የወጣች ትንኝ ሳሙና ጉልበቷን ትቀባለች፣ ደመናውን በመርፌ ወግታ ዝሆን ታወርዳለች። ትዕይንቱ ማስታወሻ እንጂ የሐረጉ ክፍል ስላልሆነ ሐረጉን አያዳክመውም። ኃላፊው ሐረጉን በወረቀት ጽፈው፣ የመሥሪያ ቤቱን ስም ሳይጠቅሱ፣ ቦርሳቸው ውስጥ ያዙ፤ ሳያዩ መጻፍ ሲችሉ ቀደዱት።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት የተፈጠረው ችግር የአጻጻፍ ነበር። አንዳንዱ tinign የሚለውን tinigne ብሎ እየጻፈ ተቆለፈበት። ከዚያ በኋላ ዝርዝሩ ታረመ፤ በሁለት መንገድ ሊጻፉ የሚችሉ ቃላት ወጡ፣ ነጠላና ብዙ ቁጥራቸው ጎን ለጎን የገቡትም አንዳቸው ተሰረዙ፣ በምትካቸውም ሌሎች ገብተው ቁጥሩ 1,296 ላይ ተመለሰ።

“ለምን በግዕዝ ፊደል አንጽፈውም?” ብለው የጠየቁም ነበሩ። ሀ እና ሐ፣ ሰ እና ሠ ለኮምፒውተር ፍጹም የተለያዩ ናቸው፤ በመግቢያው ገጽ ላይም የአማርኛ ኪቦርድ ላይኖር ይችላል። ከዚህ ሌላ ብዙ ድረ ገጾች የይለፍ ቃል የሚያስቀምጡበት ቢክሪፕት ከ72 ባይት በኋላ ያለውን አይመለከትም። አንድ የግዕዝ ፊደል ዩቲኤፍ-8 በተባለው የኮምፒውተር የፊደል አመዘጋገብ 3 ባይት ስለሚይዝ የሚቆጠረው እስከ 24 ፊደል ብቻ ነው፤ የቀረው ቢሳሳትም ሊያስገባ ይችላል። ከላይ ያለው የላቲን ሐረግ ባዶ ቦታዎቹን ጨምሮ 47 ባይት ነው፤ ሳይቆረጥ ይገባል።