በፈረቃ ውሃ የምታገኝ ከተማ ስንት ውሃ ትፈልጋለች?

የመጀመሪያ ሥራዬ ነበር። 38 ሺህ ሕዝብ ላላት ከተማ የ20 ዓመት የውሃ ፍላጎት እንዳሰላ ተሰጠኝ። የሂሳብ ክፍሉን መዝገብ ተቀበልኩ፣ በወር የተሸጠውን ውሃ ለቀንና ለሰው አካፈልኩ። ለአንድ ሰው 19 ሊትር መጣ። ለሁለት ቀን ያህል ይህን ቁጥር አምኜ ቆየሁ።

ቁጥሩ ሐሰት አልነበረም፤ የሚያሳየው ግን ሕዝቡ ያገኘውን ውሃ እንጂ የሚፈልገውን አልነበረም። ከተማዋ በፈረቃ ነው የምትጠጣው። ብዙው ሰፈር በአምስት ቀን አንዴ ነው ተራው የሚደርሰው። በዚህ መነሻ ባሰላ የዛሬውን እጥረት ለ20 ዓመት አራዝመው ነበር።

ስለዚህ ውሃ የማይቋረጥበት ሰፈር ፈለግኩ። ከማጠራቀሚያው ሥር ያሉ ቤቶች ነበሩ። አርባ ቆጣሪ መርጬ በየጠዋቱ ለአንድ ሳምንት አነበብኩ። እዚያ ሌላ ስህተት ጠበቀኝ። አንዱ ደንበኛ በወር 13 ሜትር ኪዩብ ይጠቀማል። ለአምስት የቤተሰብ አባላት ሳካፍለው በቀን ለሰው 87 ሊትር ሆነ፤ በጣም ብዙ ነው። ግቢው ስገባ ከኋላ ተከራዮች በረድፍ ይኖራሉ። ስንቆጥር 14 ሰው ሆኑ፣ ቁጥሩም ወደ 31 ሊትር ወረደ። ከዚያ በኋላ ቆጣሪ ባነበብኩበት ግቢ ሁሉ ሰው መቁጠር ጀመርኩ።

ለወደፊቱ አንድ አማካይ ከመያዝ ይልቅ ሕዝቡን በአገልግሎት ዓይነት ከፈልኩት። ቤት ውስጥ ቧንቧ ያለው፣ የግል የግቢ ቧንቧ ያለው፣ የግቢ ቧንቧ የሚጋራ፣ ከቦኖ የሚቀዳ። በ20ኛው ዓመት 30፣ 45፣ 20 እና 5 በመቶ ይሆናሉ ብዬ ያዝኩ፤ ለሰው ደግሞ በቅደም ተከተል 100፣ 50፣ 40 እና 30 ሊትር። በየድርሻቸው ሲደመሩ ለሰው 62 ሊትር ሆነ። ሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ከ20 እስከ 50 ሺህ ሕዝብ ላላት ከተማ 50 ሊትር፣ ከ50 እስከ 100 ሺህ ላላት 60 ሊትር ያስቀምጥ ነበር። የኔዋ ከተማ በኤክስፖኔንሻል ቀመር በዓመት 4.5 በመቶ ካደገች 93,500 ገደማ ትደርሳለች፤ ማለትም በዲዛይን ዘመኑ መሃል ደረጃ ትቀይራለች። የዛሬውን ደረጃ ይዤ ብቀጥል ከመመዘኛው በታች እወድቅ ነበር።

ለመኖሪያ ቤት በቀን 5,800 ሜትር ኪዩብ ገደማ ይሆናል። ለትምህርት ቤት፣ ለጤና ጣቢያ፣ ለሆቴልና ለሱቅ 20 በመቶ ጨመርኩ፤ ወደ 6,950 ከፍ አለ። ብክነቱን 20 በመቶ ያዝኩ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ብክነት የሚለካው ከሚመረተው ውሃ ስለሆነ በ0.8 ማካፈል እንጂ በ1.2 ማባዛት አይደለም። ልዩነቱ በቀን 350 ሜትር ኪዩብ ያህል ነው፤ ትንሽ አይደለም። አማካዩ በሴኮንድ 100 ሊትር ገደማ ሆነ።

የበለጠ ያስቸገረኝ በቀኑ ብዙ ውሃ የሚቀዳበት የከፍተኛው ሰዓት ጉዳይ ነው። ከማጠራቀሚያው መውጫ ቆጣሪ አጠገብ ሆኜ በየግማሽ ሰዓቱ አነበብኩ። ቫልቩ ሲከፈት ፍሰቱ ከአማካዩ ከሦስት እጥፍ በላይ ዘለለ። ደንግጬ ወደ ሰፈሩ ወረድኩ። አንዲት እናት በር ላይ በርሜልና ጄሪካን ደርድረው እየሞሉ ነበር። «ልጄ፣ ዛሬ ካልሞላሁ እስከ አምስት ቀን ምን እጠጣለሁ?» አሉኝ። ፍሰቱ የማጠራቀም ፍሰት ነበር፤ ውሃ ባይቋረጥ አይኖርም። ውሃ በማይቋረጥበት ሰፈር ስለካ ከፍተኛው ሰዓት ከጠዋቱ 12 እስከ 1 ሆነ፣ ከአማካዩም 1.7 እጥፍ ነበር።

ለመላው ከተማ 1.8 ወሰድኩ። በዓመቱ ብዙ ውሃ ለሚፈለግበት ለከፍተኛው ቀን ደግሞ የአማካዩን 1.2 እጥፍ ያዝኩ። ይህን ከወርሃዊ ሽያጭ ለማውጣት ሞክሬ ነበር፤ ነገር ግን በበጋ ጉድጓዶቹ ስለሚደክሙ ሽያጩ ይቀንሳል። ሕዝቡ በጣም የሚጠማበት ወር በመዝገቡ ላይ ትንሽ የጠጣበት ሆኖ ይታያል።

እነዚህ ሁለት ቁጥሮች ሥራቸው ለየቅል ነው። ጉድጓድ፣ ፓምፕና ወደ ማጠራቀሚያ የሚሄደው መስመር በከፍተኛው ቀን፣ በሴኮንድ 120 ሊትር ይሰላሉ፤ ፓምፑ በቀን 16 ሰዓት ብቻ ከሠራ ፍሰቱ በዚያው ልክ ወደ 180 ያድጋል። የስርጭት መስመሩ የሚሰላው በከፍተኛው ሰዓት ነው፤ እሱም 180 ገደማ ነው። ሁለቱ እኩል የመጡት በአጋጣሚ ነው። ልዩነቱን የሚሸከመው ማጠራቀሚያው ነው፤ እኔ የከፍተኛውን ቀን አንድ ሦስተኛ ያዝኩለት።

የመጨረሻውን ስህተት ያሳየኝ አለቃዬ ነው። ዳር ላይ ያለውን 2 ሺህ ሰው ብቻ የሚያጠጣ ቅርንጫፍም በ1.8 አስልቼው ነበር። «ጥቂት ቤት አንድ ላይ ቧንቧ ሲከፍት መራራቂያ የለውም» አለኝ። የሕዝቡ ቁጥር ሲያንስ እጥፉ ይጨምራል። ለዚያ ሰፈር 2.2 አደረግኩት፤ ቧንቧውም በአንድ ቁጥር ሰፋ።