«ተሰናብተዋል» የሚለው ቃል

ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ከዓመታት በኋላም እያንዳንዱ መስመር ትዝ ይለኛል።

ያኔ በአንድ ፕሮጀክት የሰው ኃይል ክፍል ነበርኩ። ከሾፌሮቻችን አንዱ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 የአንድ ዓመት ኮንትራት ነበረው። ፕሮጀክቱ ሊዘጋ ስለሆነ ውሉ አይታደስም ተባለ። ደብዳቤ አዘጋጂ ተባልኩ። ብዙ ሥራ ተደራርቦብኝ ስለነበር ከፋይል ውስጥ አንድ የቆየ ደብዳቤ አወጣሁ። ስምና ቀን ቀየርኩ፣ አስፈረምኩ፣ ሰኔ 25 ቀን ለራሱ ሰጠሁት።

ሰውየው ከአባቴ ጋር እኩያ ነው። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንለው። መነጽሩን አድርጎ ቆሞ አነበበ። ከዚያ ጣቱን አንድ መስመር ላይ አሳረፈ።

«ልጄ፣ እኔ ምን አጠፋሁ?»

«ኧረ ምንም ጋሼ! ውልዎ ስላለቀ ነው እኮ።»

«ታዲያ 'ከሥራ ተሰናብተዋል' ይላል።»

ወረቀቱን ተቀብዬ አየሁት። እውነትም ይላል። ያ የቆየ ደብዳቤ በዲሲፕሊን ለተባረረ ሰው የተጻፈ ነበር። «ተሰናብተዋል» የሚለውን ቃል ሳላስተውል አልፌዋለሁ።

«ይሄን ይዤ ሌላ ቦታ ብሄድ ማን ይቀጥረኛል?» አለኝ። ድምፁን አላነሳም። እኔ ግን ፊቴ ጋለ።

ልዩነቱ የቃል ብቻ አይደለም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 24 መሠረት፣ ለተወሰነ ጊዜ የተደረገ ውል ጊዜው ሲያልቅ በሕግ ይቋረጣል። አሠሪው አላሰናበተም፣ ሠራተኛውም አልለቀቀም። ስለዚህ ደብዳቤው ማለት ያለበት «የሥራ ውልዎ ሰኔ 30 ቀን የሚያበቃና የማይታደስ መሆኑን እናሳውቃለን» ብቻ ነው። ጋሼ ስለ ስንብት ክፍያም ጠየቀኝ። ክፍያው አይገባውም ነበር፤ አንቀጽ 39 ከዘረዘራቸው ምክንያቶች ውስጥ የውል ጊዜ ማለቅ የለም። «ተሰናብተዋል» ብሎ ጽፎ የስንብት ክፍያ የለም ማለት ግን ለማንም ሰው ግራ ነው። ግራ ያጋባሁት እኔ ነኝ።

ደብዳቤውን በማግስቱ አስተካከልኩ። የባሰው ችግር ግን ከታች በኩል፣ የክሊራንሱ ተራ ላይ ነበር።

የሚገባው ሂሳብ ቀላል ነበር። ደመወዙ 13,000 ብር ነው። የሰኔ ወር ሙሉ ደመወዝ አለ። የአንደኛ ዓመት የዓመት ፈቃድ 16 የሥራ ቀን ነው፤ ስድስቱን ወስዷል፣ አሥር ቀን ይቀረዋል። እኛ ጋ የቀን ሂሳብ የሚሠራው ደመወዙን ለ26 በማካፈል ነው፤ 500 ብር ይመጣል። የአሥር ቀኑ 5,000 ብር ሆነ። በድምሩ 18,000 ብር። ከዚህ ላይ የሥራ ግብሩና ከደመወዙ 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ፣ ማለትም 910 ብር፣ ይቀነሳል። በቃ፣ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው።

ደብዳቤዬ ግን «ክሊራንስ ጨርሰው ሲያቀርቡ ክፍያዎና የሥራ ልምድ ማስረጃዎ ይሰጥዎታል» ይላል። ጋሼም ቅጹን ይዞ መዞር ጀመረ። ስምሪት ክፍል ሎግ ቡኩንና የመኪናውን ቁልፍ ተረክቦ ፈረመለት። የቀሩትን የነዳጅ ኩፖኖችም መለሰ። ንብረት ክፍል ሲደርስ ቆመ። ክሪክ የለም ተባለ።

«መኪናውን ስረከብ ክሪክ አልነበረውም» ይላል ጋሼ። «በእኛ መዝገብ አለ» ይላል የንብረት ክፍሉ ኃላፊ። ፋይናንስ ደግሞ ንብረት ክፍል ካልፈረመ ብር አይወጣም አለ። የአሥር ቀን ፈቃዱም፣ የሰኔ ወር ላቡም በአንድ ክሪክ ተያዘ። ዋጋው 3,000 ብር ተብሎ የተገመተ ዕቃ ነው።

ሰባት የሥራ ቀን አለፈ። በዘጠነኛው ቀን ደወለልኝ። «የቤት ኪራይ ደርሶብኝ ነው ልጄ» አለኝ። አዋጁን አውጥቼ ረጋ ብዬ ያነበብኩት ያን ቀን ነው። አስቀድሜ ማንበብ ነበረብኝ።

አንቀጽ 36 ክፍያው ውሉ ከተቋረጠ በሰባት የሥራ ቀናት ውስጥ ይፈጸም ይላል። ጊዜው ሊራዘም የሚችለው ሠራተኛው የተረከበውን ንብረት በራሱ ጥፋት ሳይመልስ ሲዘገይ ነው። ሁለት ነገር ይፈለጋል ማለት ነው፦ መረከቡና ጥፋቱ። ወደ ንብረት ክፍል ሄጄ ጋሼ ክሪክ የፈረመበትን የርክክብ ቅጽ አሳዩኝ አልኩ። የለም። ያለው መኪናው ሲገዛ ከነመሣሪያዎቹ የተመዘገበበት ዝርዝር ነው። ከጋሼ በፊት ሁለት ሾፌሮች ይዘውታል። በመካከላቸው የተፈረመ አንድም ርክክብ የለም።

ኃላፊው «ታዲያ እኔ ከማን ልጠይቅ?» አለኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን ደጅ ላይ ከሚጠብቀው ሰው ላይ ይያዝ አይደለም።

ፋይናንስ ጋ የሄድኩት አንቀጽ 37 እና 38ን አትሜ ነው። የመጀመሪያው፣ በሚከፈለው መጠን ላይ ክርክር ቢኖር እንኳ አሠሪው የሚያምነውን በዚያው ሰባት ቀን ውስጥ ይክፈል ይላል። ክሪኩ ያከራክረናል እንበል። 3,000 ብሩን ያዙ፣ 15,000ውን ማን ይከራከርበታል? ሁለተኛው ደግሞ ከአሠሪው ቁጥጥር ውጪ ባልሆነ ምክንያት ለዘገየ ክፍያ ፍርድ ቤት እስከ ሦስት ወር ደመወዝ ተጨማሪ ሊያስከፍል እንደሚችል ይናገራል። እስከ 39,000 ብር ማለት ነው። ቁጥሩን ሲያዩ ብዕር ተነሳ። በአሥራ አንደኛው ቀን ሙሉ ክፍያው ወጣ። ሕጉ ሳይሆን ቁጥሩ ማንቀሳቀሱ እስከ ዛሬ ያበሳጨኛል።

የሥራ ልምዱንም ከክሊራንስ ጋር ማሰሬ ስህተት ነበር። አዋጁ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ጊዜውንና ደመወዙን የሚገልጽ ማስረጃ ያለ ክፍያ ይሰጠው ነው የሚለው። ከክሪክ ጋር ምንም አያገናኘውም። ጋሼ በእነዚያ ቀናት ሌላ ቦታ ሊያመለክት ያ ወረቀት ያስፈልገው ነበር።

ከዚያ በኋላ የውል ማብቂያ ደብዳቤ ስጽፍ ከአንድ ወር በፊት አወጣለሁ። ሰውየው ገና ሥራ ላይ እያለ ርክክቡን እናስጀምራለን። በዝርዝሩ ላይ የማሰፍረው ፊርማው ያለበትን ዕቃ ብቻ ነው። የክፍያውን ቀንም ቁርጡን እጽፋለሁ። ሁልጊዜ አይሳካም። ቅድሚያ የወሰደውን አበል ያላወራረደ ሰው ሲያጋጥም አሁንም ይዘገያል፤ ያኔ ግን ቢያንስ በሰነድ ነው የምንነጋገረው።

ጋሼ የመጨረሻ ቀን ሲመጣ የመጀመሪያውን ደብዳቤ አራት ቦታ አጥፎ ከኪሱ አወጣ። «ይቺን ከፋይሌ አውጪልኝ» አለኝ። አወጣሁለት። ግልባጭ የተደረገላቸው ክፍሎች ጋም ዞሬ ሰበሰብኩ፤ ከፋይናንስም፣ ከስምሪትም አገኘሁ። የንብረት ክፍሉን ግልባጭ ግን ሳላገኘው ፕሮጀክቱ ተዘጋ።